«ብሩ ገብቷል» የሚለው ሜሴጅ ከአጎቴ አጣላኝ

*ሰላም እህቴ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ እህል እነግዳለሁ። አጎቴ ደጋን አካባቢ ገበሬ ናቸው፣ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ 20 ኩንታል ማሾ አምነው ላኩልኝ፣ የራሴን 10 ኩንታል ጨምሬ በ9 ሺ ሂሳብ ለአንድ ነጋዴ ሸጥኩትና የ270 ሺ ብር ቼክ ሰጠኝ፣ የሌላ ባንክ ቼክ ነው። የጸሎተ ሐሙስ ለት ከሰአት 10 ሰአት ላይ እኔ ባንክ አስገባሁት። ወዲያው «270 ሺ ብር ገቢ ሆኗል» የሚል ሜሴጅ መጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ልጅ ላኩለት፣ ቅዳሜ 180 ሺውን እልካለሁ ሰኞ ባቲ ወርዳችሁ በሬዎቹን ግዙ አልኩ። ቅዳሜ ልልክ ስል ስልኩ በቂ ሂሳብ የለም አለኝ። ባንክ ብሄድ ልጅቷ «ክሊር አልሆነም» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ብሩ የተለቀቀው ረቡእ ጠዋት ነው፣ ያኔውኑ ላኩላቸው። አጎቴ ግን «አንቺ ልጅ፣ ገብቷል ብለሽ ፎቶ ልከሽ ስታበቂ የለም ያልሽው ብሬን አምስት ቀን ስታሰሪበት ነው» አሉኝ። ከዛ ወዲህ ስልኬን አያነሱም። ጅዳ ያለችው ልጃቸው እንኳን ደውላ ወቀሰችኝ። ጓደኞቼ «ቅዳሜውኑ አራጣም ቢሆን ተበድረሽ መስጠት ነበረብሽ» ይሉኛል። አጎቴን እንዴት ላስረዳቸው? ከዚህ በኋላስ ቼክ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? — የሰኞ ገበያዋ*

የኔ እህት፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ያቺ «ክሊር አልሆነም» ብላ ቀጣዩን ሰው የጠራችውን ልጅ እኔም ሆኛት አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ባንክ መስኮት ላይ ስሰራ በዓል ዋዜማ ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልት ይደርስ ነበር፣ እና በቃ ሁለት ቃል ብቻ ብዬ ያሰናበትኳቸው ሰዎች ቁጥር የላቸውም። አንድ ሽማግሌ «ልጄ ክሊር ማለት ምንድነው፣ ሰው ነው?» ብለውኝ ስቄ ዝም ያልኩት እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚ ዛሬ ለሳቸውም ላንቺም ያኔ ያልመለስኩትን ልመልስ፣ አጎትሽን ለማስረዳትም ይሄው ነው የሚያስፈልግሽ።

ቼክ ብር አይደለም። ቼክ ነጋዴው ለራሱ ባንክ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ «ከሂሳቤ ላይ ለዚች ሴትዮ 270 ሺ ስጡልኝ» የሚል። አንቺ ደብዳቤውን የሰጠሽው ግን ለተጻፈለት ባንክ ሳይሆን ለራስሽ ባንክ ነው። ያንቺ ባንክ ደሞ ሰውየው ሂሳቡ ላይ 270 ሺም ይኑረው 270 ብር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ፊርማው የሱ ይሁን አይሁን አያውቅም፣ ቼኩ ጠፍቷል ተብሎ የታገደ ይሁን አያውቅም። ስለዚ ደብዳቤውን ወደ ባለቤቱ ባንክ ይልከዋል፣ መላኪያው መንገድ ብሄራዊ ባንክ ጋ ያለው የቼክ ማጣሪያ ነው፣ ክሊሪንግ የሚሉት እሱን ነው። የነጋዴው ባንክ ሂሳቡን ያያል፣ ፊርማውን ያያል፣ ከዛ ወይ ይከፍላል ወይ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሰዋል። ያ መልስ መጥቶ ባንኮቹም እርስ በርሳቸው ሲተሳሰቡ ነው ብሩ ያንቺ የሚሆነው።

አሁን ወደ ሐሙስ 10 ሰአት እንምጣ፣ ነገሩ የተበላሸው እዛ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ክፍት ነበር አይደል? ልጅቷም ቼኩን ተቀብላ ስሊፑ ላይ ማህተም መታችልሽ። ግን ባንኩ ክፍት የሆነበት ሰአትና የቼክ መላኪያው ሰአት አንድ አይደሉም። ቼኩን የሚቀበለው ሰው መዝግቦ ያስገባዋል፣ ሌላ ሰው ደሞ አይቶ ያጸድቀዋል፣ ምስሉ ይነሳል፣ አዲስ አበባ ያለው ማእከል ከየቅርንጫፉ የመጣውን ሰብስቦ በተቀጠረለት ሰአት ወደ ማጣሪያው ይልካል። ለዚ ሁሉ ጊዜ እንዲተርፍ ተብሎ «ከዚ ሰአት በኋላ የመጣ ቼክ የነገ ነው» የሚባል ገደብ አለ፣ ከት ኦፍ ይሉታል። እኔ የሰራሁበት ቅርንጫፍ 8 ሰአት ነበር፣ ከሰአት በኋላ ማለቴ ነው፣ ያንቺው ባንክ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሰአቱ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ብዙ ቦታ ደሞ መስኮቱ ላይ አልተለጠፈም፣ ይሄ እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ነገር ነው፣ የምሳ ሰአት ይለጥፋሉ ይሄን አይለጥፉም።

መናኸሪያ ሄደሽ ከሰአት የአዲስ አበባ ትኬት ብትቆርጪ አውቶቡሱ የሚነሳው በማግስቱ ሌሊት ነው አይደል፣ ትኬቱ ግን ዛሬ የተቆረጠ ነው። የስሊፕሽ ማህተም ያ ትኬት ነው። ችግሩ ያንቺ ማግስት ስቅለት መሆኑ ነው።

ቀኑን እስቲ አብረን እንቁጠረው፣ ለአጎትሽም እንደዚሁ በጣት ቁጠሪላቸው። ሐሙስ 10 ሰአት፣ መላኪያው አልፏል፣ ቼኩ እንደ ቀጣይ የስራ ቀን ቼክ ነው የሚቆጠረው። አርብ ስቅለት፣ ዝግ። ቅዳሜ ባንክሽ ግማሽ ቀን ከፍቷል፣ አንቺም ገብተሻል፣ ግን ባንክ ቅዳሜ መክፈቱ ገንዘብ ተቀብሎ ገንዘብ ለመስጠት ነው፣ ክሊሪንጉ ይሰራል ማለት አይደለም፣ ያንቺው ቼክ ደሞ እንዳልተንቀሳቀሰ ራስሽ አይተሻል። እሁድ ፋሲካ። ስለዚ ያ ቼክ ጉዞ የጀመረው ሰኞ ነው። ሰኞ ሄደ፣ ማክሰኞ የነጋዴው ባንክ አይቶ መልስ ሰጠ፣ ረቡእ ጠዋት ተለቀቀልሽ። በባንክሽ የስራ ቀን ሲቆጠር የዘገየው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ አጎትሽ ግን የሚቆጥሩት በጸሀይ ነው፣ በጸሀይ ሲቆጠር በሐሙስና በረቡእ መሀል አምስት ቀን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የቆጠሩበት ነገር ነው የተለያየው።

አንድ ሰው ያልነገረሽ ነገር ልጨምርልሽ፣ «ጠዋት ብሄድ ኖሮ» እያልሽ ራስሽን እየበላሽ ከሆነ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰአት ብታስገቢው ኖሮ ቼኩ ሐሙስ ይሄድ ነበር፣ እሺ፣ ግን መልሱ የሚመጣው በቀጣዩ የስራ ቀን ነው፣ እሱም ሰኞ ነው። ስለዚ አንድ ቀን ነው የምታተርፊው እንጂ ለባቲ ገበያ አይደርስም ነበር። ለቅዳሜ እንዲደርስልሽ ቼኩ ረቡእ ከመላኪያው ሰአት በፊት መግባት ነበረበት። ማለትም የሌላ ባንክ ቼክ ሁለት የስራ ቀን ይበላል፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መልስ፣ በመሀል በዓል ከተቀመጠ ደሞ ይለጠጣል። እንዴት እንደሚለጠጥ ለማየት የ2016ን ፋሲካ አስታውሺው፣ ረቡእ ሚያዝያ 23 የሰራተኞች ቀን ዝግ ነበር፣ ሐሙስ ስራ፣ አርብ ስቅለት፣ ከዛ ቅዳሜ፣ እሁድ ሚያዝያ 27 ፋሲካና የአርበኞች ቀን ተደራርበው ዋሉ። ማክሰኞ ከሰአት መላኪያው ካለፈ በኋላ ቼክ ያስገባ ሰው ሐሙስ ነው የሚሄድለት፣ መልሱ ሰኞ ነው፣ ብሩ የሚለቀቀው ማክሰኞ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በቃ። የረመዳን ኢድ ደሞ ይብሳል፣ ጨረቃዋ ካልታየች ባንኩም ነገ መክፈት አለመክፈቱን አያውቅም፣ ስለዚ በኢድ ሰሞን ሁለቱንም ቀን ዝግ ነው ብለሽ ቁጠሪ።

አሁን ወደ ሜሴጁ። ከአጎትሽ ያጣላሽ ቼኩ ሳይሆን ሜሴጁ ይመስለኛል። ባንኩ ቼኩን ሲመዘግብ ሂሳብሽ ላይ ጽፎ ግን ይቆልፈዋል፣ ሲስተሙ ደሞ የተጻፈ ነገር ባየ ቁጥር «ገቢ ሆኗል» ብሎ ይልካል፣ የተቆለፈ ነው ብሎ አይጨምርም። ሞባይል ባንኪንግሽን ከፍተሽ ብታይው ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ ጠቅላላ ሂሳብ ነው፣ አንዱ ማንቀሳቀስ የምትችይው ነው፣ ከረንትና አቬይለብል ይላቸዋል። የሐሙሱ ለት ጠቅላላው በ270 ሺ አድጎ የሚንቀሳቀሰው ግን እንደነበረ ቆሞ ታገኚው ነበር። ካሁን በኋላ ሜሴጁን ትተሽ ሁለተኛውን ቁጥር እይ። እሱ ካላደገ ብሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፣ ለማንም ፎቶ አይላክም።

ጓደኞችሽ ያሉትን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። አራጣው ይቅር፣ ለአምስት ቀን ብሎ ገብቶ አምስት አመት ያልወጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሌላም ሰው «የራስሽን ቼክ ጽፈሽ ስጫቸው» ብሎሽ እንደሆነ እንኳን ያላደረግሽው። ያልጠራ ብር ላይ ተማምነሽ ቼክ ብትጽፊ፣ የአጎትሽ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ያንቺው ባንክ መስኮት ላይ ቢያቀርበው፣ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ይመለስ ነበር፣ ደረቅ ቼክ የሚባለው እሱ ነው፣ በ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 693 የሚያስከስስ ነገር ነው። «ሰኞ ሊገባልኝ ነበር» የሚለው ክርክር ባንክ መስኮት ላይ ብዙም አያዋጣም። ቅዳሜ ለት ባዶ እጅሽን መሆንሽ ከሁሉም የተሻለው ነው፣ ቢያምም።

አጎትሽስ? እስቲ ልጠይቅሽ፣ እሳቸውን ያስቀየማቸው ብሩ ነው ወይስ ከልጃቸው ፊት ፎቶው ታይቶ በሬው ከመቅረቱ የመጣው ሀፍረት? ምናልባት ለጎረቤት ሁሉ «ሰኞ ባቲ ወራጅ ነኝ» ብለው፣ ገመዱን አዘጋጅተው፣ አብሯቸው የሚወርድ ሰው አስጠብቀው ይሆናል። እኔ ባላውቃቸውም ያሳደጉሽ ሰው አምስት ቀን ብሬን አሰራሽበት የሚሉት ከልባቸው አምነው አይመስለኝም፣ ሌላ የሚሰጡት ምክንያት ስላጡ ነው። ገበሬ ሰው ሲሸጥ ብሩን ወይ እጁ ላይ ያየዋል ወይ አላየውም፣ «ገብቷል ግን የለም» የሚባል ነገር በሳቸው አለም የለም፣ እውነቱን ለመናገር በኔም አለም ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ደሞ እኮ ነገሩን ከማንም በላይ የሚረዱበት መንገድ ቤታቸው ውስጥ አለ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው በባንክ ብር ስትልክላቸው ሐሙስ ማታ «ላክሁ አባባ» ብላ እስከ ማክሰኞ ያልደረሰበት ጊዜ የለም? እዛ አርብና ቅዳሜ ነው እረፍቱ፣ እኛ ጋ ደሞ እሁድ፣ በመሀል ብሩ የሚያልፍበት የውጭ ባንክ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። ሁሉም ተራ በተራ ሲተኛ ሐሙስ የተላከ ብር ሰኞ ነው አይኑን የሚገልጠው። ልጃቸውን «ዋሸሽኝ» ብለዋት ያውቃሉ? አያውቁም፣ መንገድ ላይ ነው ብለው ይጠብቃሉ። ልጅቷን አስቀድመሽ ደውለሽ እንደዚህ አስረጂያት እንጂ አትኳረፊያት፣ የወቀሰችሽ አባቷን ሰምታ ነው፣ ከተረዳች ካንቺ በላይ እሷ ታስረዳቸዋለች። እሷ ስትነግራቸው ደሞ ጥፋተኛ ሰው ሰበብ ሲደረድር አይመስልም።

ከዛ ባንክሽ ሄደሽ የሂሳብ መግለጫ አስወጪ፣ ስቴትመንት በይ፣ ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ረቡእ ያለውን ብቻ። ስታስወጪ «ቫልዩ ዴቱ ያለበትን» በይ፣ ምክንያቱም መግለጫው ላይ ሁለት ቀን ይኖራል፣ አንደኛው የተመዘገበበት ነው፣ ሐሙስ ይላል፣ ሁለተኛው ብሩ ያንቺ የሆነበት ነው። ቀኑ በፈረንጅ ይሆናል፣ ከጎኑ በስክሪብቶ በኛ አቆጣጠር ጻፊበት፣ ሐሙስ ብለሽ ረቡእ ብለሽ። ለሳቸው የላክሽበት ሰአትም እዛው ወረቀት ላይ አለ። ብሩ በተለቀቀ ጠዋት መላክሽን ያሳያል፣ አንድ ሌሊት እንኳን እንዳላደረ። ለሳቸው ከዚ የበለጠ ማስረጃ የለሽም፣ ብዙ ማውራትም አያስፈልግሽም።

ለአጎትሽ ግን ስልክ አትደውይ። ሂጂ። ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ አቦል እስኪወርድ ስለ ብር አታንሺ። ይቅርታ ስትጠይቂም ያላጠፋሽውን አትጠይቂ፣ ይሄን አደራ። «ብሩን ስላዘገየሁ» ካልሽ አሰርተሽበታል ማለት ነው። «ሳላረጋግጥ ፎቶ ልኬ ቀን ስለቀጠርኩ አፉ በሉኝ» በይ፣ ያጠፋሽው እሱን ነው፣ እሱን ደሞ በእርግጥ አጥፍተሻል። ቀን የቀጠርሽው አንቺ ነሽ፣ ባንኩ ቅዳሜ ይደርሳል አላለሽም።

በሬው በኋላ ተወድዶ ከሆነ ልዩነቱን ልክፈል ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። በዚ ላይ ሁለት ሀሳብ ነኝ። ብትከፍይ «ታዲያ አሰርታበት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ባትከፍይ ደሞ ያሳደጉሽ ሰው ባንቺ ቃል ምክንያት ከስረዋል። እኔ ብሆን ብር አልሰጥም ነበር፣ በሬው ገና ካልተገዛ በሚቀጥለው ሰኞ አብሬ ባቲ እወርድ ነበር፣ የደላላውን የመኪናውን እኔ እችል ነበር፣ ከተገዛ ደሞ ለክረምቱ የሚያስፈልግ ነገር ይዤ እሄድ ነበር። አንቺ ሰውየውን ስለምታውቂያቸው ከኔ የተሻለ ትፈርጃለሽ።

ቼኩን በተመለከተ፣ አትተይው። 270 ሺ ብር በከረጢት ይዘሽ ሰኞ ገበያን ከምታቋርጪ ቼክ ይሻልሻል። ግን ቼኩን ስትቀበይ መጀመሪያ የምታይው የብሩን መጠን ሳይሆን የባንኩን ስም ይሁን። ያንቺው ባንክ ቼክ ከሆነ የትኛውም ቅርንጫፍ ቢሆን ሂሳቡ አንድ ሲስተም ላይ ነው፣ እዛው መስኮት ላይ ፊርማው ታይቶ፣ ብሩ ታይቶ፣ ካንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ክሊሪንግ የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም። ቼኩ የሌላ ባንክ ከሆነ ነው ያ ሁሉ ጉዞ።

እና ከዛ ነጋዴ ጋር ደጋግመሽ የምትሰሪ ከሆነ ቀላሉ መፍትሄ ምን መሰለሽ፣ እሱ ባንክ ሂሳብ ክፈች። መታወቂያሽን ይዘሽ ሄደሽ ሂሳብ ከፍተሽ ሞባይል ባንኪንጉን አስጀምሪ፣ ካሁን በኋላ የሱን ቼክ እዛ ታስገቢዋለሽ፣ በራሱ ባንክ ስለሆነ ሁለት መስመር የተሰመረበት ቼክ ቢሆንም ወደ ሂሳብሽ ይገባል፣ ያን ለት ብሩ ያንቺ ነው። ከዛ ወደፈለግሽበት በስልክ ትልኪዋለሽ፣ የስልኩ ዝውውር በባንኮች መሀል በኢትስዊች ነው የሚያልፈው፣ እሱ ደሞ እሁድም ፋሲካም አያውቅም፣ ወዲያው ይደርሳል። የቀን ጣሪያ ግን አለው፣ 180 ሺ ባንዴ ላያስልክሽ ይችላል፣ ጣሪያውን ጠይቀሽ በሁለት ቀን ከፋፍለሽ መላክ ሊኖርብሽ ይችላል። አጎትሽ ሂሳባቸው ካንቺ ጋር አንድ ባንክ ከሆነ ደሞ ቅርንጫፍ ገብተሽ ማዛወር ትችያለሽ፣ እሱም ያው ወዲያው ነው፣ ባንኩ እስከተከፈተ ድረስ።

አንዳንድ ነጋዴ «እንግዲያውስ ሲፒኦ ልስጥሽ» ይልሻል። ሲፒኦ ጥሩ ነው፣ ባንኩ ራሱ ብሩን ከሰውየው ሂሳብ ቀንሶ የሚጽፈው ስለሆነ ስንቅ የለውም ተብሎ አይመለስም። ግን የሌላ ባንክ ሲፒኦም በክሊሪንግ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚ ከክስረት ያድንሻል እንጂ ከበዓል አያድንሽም። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ ሲፒኦ ይዞ መጥቶ «ይሄ እኮ እንደ ብር ነው» ብሎ የተጣላኝ ሰው ብዙ ነው። ፈጥኖ እንዲደርስ ከፈለግሽ «ባንክህ ሂደህ በአርቲጂኤስ አዛውርልኝ» በይው፣ ትልልቅ ብር በዛው ቀን ከባንክ ባንክ የሚሻገርበት ነው። እሱም የራሱ የመዝጊያ ሰአት ስላለው ጠዋት እንዲሄድ ንገሪው፣ ከሰአት ቅጹን ሞልቶ ሰጥቶሽ «ልኬያለሁ» ቢል ቅጽ ሞልቷል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ አብረሽው ሂጂ።

መስኮቱ ላይ የምትጠይቂው ጥያቄ አለ፣ «መቼ ይገባል?» አትበይ፣ ያኔ «አንድ ሁለት ቀን» ይሉሻል። «የዛሬው ክሊሪንግ አልፏል ወይስ ይደርሳል? ነገ ቅዳሜ ወይ በዓል ከሆነ በየትኛው ቀን ነው የሚሄደው? መቼ ማውጣት እችላለሁ?» በይ። የመለሱልሽን ስሊፑ ጀርባ ላይ ጻፊው። በተባለው ቀን ካልተለቀቀ ሄደሽ ተመልሶ እንደሆነ ጠይቂ፣ የተመለሰ ቼክ ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጥሻል፣ ፊርማ አልተመሳሰለም ከሆነ ነጋዴው ጋ ሄደሽ የሚስተካከል ነው፣ ስንቅ የለውም ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና ቶሎ ጻፊልኝ።

ደጋን ስትሄጂ ደሞ ቅዳሜ ብትሄጂ ይሻላል፣ እዛው አድረሽ። አጎትሽ ልባቸው ከተመለሰ ሰኞ አብራችሁ ባቲ ትወርዳላችሁ፣ ካልተመለሰም ወረቀቱን ለወንድ ልጃቸው ስጪውና ቡናሽን ጠጥተሽ ተመለሽ፣ ቀስ ብሎ ያነብላቸዋል።